ግንባርህ የሸሸ ሲመስልህ መድኃኒት ከመጀመርህ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ፋርማሲዬ መጥተው «ሚኖክሲዲል አለ?» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ልጆች አብዛኞቹ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ናቸው። አጠገባቸው ሌላ ደንበኛ ካለ መጀመሪያ የራስ ምታት ክኒን ይገዛሉ። ሰው ሲሄድ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው። «እስቲ ኮፍያህን አውልቀው» እላለሁ። ከብዙዎቹ ራስ ላይ የማየው ነገር መድኃኒት የሚያስፈልገው አይደለም።

ሚኖክሲዲል ራስ ላይ የሚቀባ የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት ነው፤ ይሠራል፣ ጠላቱም አይደለሁም። ግን ከጀመርከው የሚቋረጥ ነገር አይደለም። ስታቆም ያተረፍከው ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። የማያስፈልግህን ነገር ለዓመታት ከመግዛትህ በፊት ታዲያ የሚታዩ ነገሮች አሉ።

ግንባርን ከልጅነት ፎቶ ጋር ማወዳደር

ይሄኛው ትዕግስቴን ጨርሶታል። ልጁ ስልኩን ያወጣና የስምንተኛ ክፍል ፎቶውን ያሳየኛል። ከዚያ የዛሬውን። «አየኸው ጋሼ፣ ሸሽቷል!» አዎ ሸሽቷል። ጢምህም በስምንተኛ ክፍል አልነበረም፣ ድምፅህም ቀጭን ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽና ከዚያም በላይ የአብዛኛው ወንድ የፀጉር መስመር ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለቱ ጥጎችም ትንሽ ወደ ኋላ ይገባሉ። ይህ የአዋቂ ወንድ ግንባር ነው፤ እዚያው ላይ ቆሞ ዕድሜ ልኩን የማይንቀሳቀስለት ሰው ሞልቷል።

በመስታወት ፊት ቁምና ቅንድብህን ወደ ላይ አንሣ። ግንባርህ ላይ መጨማደድ ይወጣል። የልጅነት የፀጉር መስመር ብዙ ጊዜ ከላይኛው መጨማደድ አጠገብ ነው። የአዋቂው ከዚያ አንድ ጣት ያህል፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍ ይላል። ከዚህ ብዙ ካለፈ ወይም ጥጎቹ ጠልቀው ገብተው መሐሉ ብቻውን ወደፊት ከቀረ ያኔ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህም ቢሆን ግምት ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሰፊ ግንባር ያለው ሰው በዚህ መለኪያ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

ከመስመሩ ቦታ ይልቅ የሚናገረው የፀጉሩ ውፍረት ነው። በዘር የሚመጣው መሸሽ ፀጉርን ከሥሩ ነቅሎ አይጥለውም። እያንዳንዱ ፀጉር ወድቆ ተመልሶ በበቀለ ቁጥር እየቀጠነ፣ እያጠረ፣ እየሳሳ ይመጣል፤ በመጨረሻ ለዓይን የማይታይ ይሆናል። ስለዚህ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቁም። ነጭ ወረቀት ከጥጉ ፀጉር ጀርባ ያዝና ጓደኛህ በቅርብ ፎቶ ያንሣልህ። ከዚያ ከማጅራትህ ከፍ ብሎ ያለውንም በተመሳሳይ መንገድ ያንሣ። ሁለቱን አስተያይ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፀጉሮች ተዋቸው፤ የመስመሩ ጠርዝ ላይ ቀጫጭን ፀጉር የሌለው ሰው የለም። ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ላይ ወፍራምና ቀጭን ተደበላልቆ ካየህና የማጅራቱ አንድ ዓይነት ወፍራም ከሆነ ነገሩ ጀምሯል ማለት ነው። በቶንዶዝ ዜሮ የተላጨ ራስ ላይ ይህ አይታይም። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ሁለት ወር ያህል አሳድገው።

በስልክ የፊት ካሜራ ተጠግቶ የሚነሣ ሰልፊ ደግሞ ግንባርን ይለጥጣል። እርጥብ ፀጉርም ያሳሳል። ከሻወር ወጥቶ በአምፑል ሥር ሰልፊ አንሥቶ ሌሊቱን ሲጨነቅ የሚያድር ልጅ አጋጥሞኛል።

ፀጉር ቆራጩን አለመጠርጠር

አንድ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው። ግንባሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ጥጎቹ ማዕዘን ሠርተዋል። «በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሄደ» ብሎ ግማሽ ጣት አሳየኝ። ተፈጥሮ እንደዚህ ቀጥ ያለ መስመር አትሠራም። ወደ ብርሃን አዞርኩትና አየሁት። ከመስመሩ ፊት፣ ባዶ በሚመስለው ቆዳ ላይ፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። የተላጨ ፀጉር ሥር ነው። በየሁለት ሳምንቱ መስመር ያስወጣል፤ ፀጉር ቆራጩ ደግሞ መስመሩ እንዲጠራ በየጊዜው ትንሽ ወደ ኋላ ይገባል። ግማሹ ጣት የሄደው በምላጭ ነው።

ቆዳው ላይ ብጉር መሳይ ነገርም ነበር። እዚያ ላይ ሚኖክሲዲል ሊቀባ ነበር የመጣው። በተቆጣ ወይም በተላጠ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለደም ግፊት ነው፤ የልብ ምት መጨመርና ማዞር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስድስት ሳምንት ምላጭ ግንባሩን እንዳይነካው ነገርኩት። ኮፍያ አድርጎ፣ «ዝንጀሮ መሰልኩ» እያለ ተመለሰ። ግራው ጥግ እስከ ድሮ ቦታው ሞልቷል። ቀኙ ግን ሙሉ በሙሉ አልመጣም፤ የወጣውም ከግራው ይሳሳል። ስለዚህ ቀኝ ጥጉን የቆዳ ሐኪም ያየው ዘንድ ላክሁት። ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ አይቶ ጥቂት ፀጉሮች መቅጠናቸውን አገኘ። መድኃኒት ሳያዝ፣ በተመሳሳይ ብርሃንና ርቀት ፎቶ አንሥቶ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ አለው። ለእኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አንድ ቀን የታየ ፀጉር የት እንዳለ ይነግርሃል፤ እየሄደ መሆን አለመሆኑን የሚነግርህ ሁለተኛው ፎቶ ነው።

ሹሩባ ወይም ድሬድ አጥብቀህ የምትሠራ ከሆነም መጀመሪያ አላላው። ጉንጉኑ የሚስበው የጥጉን ፀጉር ነው። ቶሎ ካላላኸው ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተሳበ በኋላ ግን ሥሩ ይሞታል።

የሚረግፍን ፀጉር ከሚሸሽ ፀጉር ጋር መቀላቀል

በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር መርገፍ የጤነኛ ሰው ነው። ትራስህ ላይ ድንገት እፍኝ ፀጉር ማየት ከጀመርክ የምጠይቅህ ጥያቄ «የዛሬ ሦስት ወር ምን ሆነህ ነበር?» የሚል ነው። ታይፎይድ? ወባ? ቀዶ ጥገና? በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ? ሰውነት ከባድ ነገር ሲደርስበት ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ዕድገቱን ያቆምና ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይረግፋል። ልጁ ትኩሳቱን ረስቶታል፣ ፀጉሩን ብቻ ነው የሚያየው። ይህ ከመላው ራስ ነው የሚረግፈው፣ ግንባርን ለይቶ አይመታም፤ መነሻው ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ካልቆመ ሐኪሙ የብረት ክምችትና የታይሮይድ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ለተራ የግንባር መሸሽ ግን ይህ ምርመራ አያስፈልግም።

ክብ ሆኖ የተመለጠ ላሽ፣ ቅርፊት ያለው ቆረቆር፣ የሚያብረቀርቅና የሚያም ጠባሳ ካለ ከእኔ መስኮት ዞር በልና ቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂድ። ለላሽ ነጭ ሽንኩርት አሽተው ቆዳቸውን ያቃጠሉም ይመጣሉ።

ባዮቲን መዋጥ

ባዮቲን ቫይታሚን ነው፤ የእሱ እጥረት ከሌለብህ ለግንባርህ አይሠራም። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራ ውጤቶችን ያሳስታል። እየወሰድክ ከሆነ ደም ከመስጠትህ በፊት ለላቦራቶሪው ንገር።

ሚኖክሲዲልን በሁለተኛው ወር መጣል

ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልሸጥም፤ ማሸጊያውም የሚለው ይህንኑ ነው። የአምስት በመቶው ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር ደረቅ ቆዳ ላይ ይቀባል። ፀጉሩን ማርጠብ ብቻ ጥቅም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር የበለጠ ሊረግፍ ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ደንግጠው ይጥሉታል። ሥራውን ለመመዘን ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋል። ደግሞም አብዛኛው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው አጠቃቀም ለአናት ነው፣ ለግንባር አይደለም። አንዳንዶች ግንባር ላይም ይጠቀማሉ፤ እንደ አናቱ ግን አትጠብቅ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች እጅህን በደንብ ታጠብ፣ ድመትን ይገድላል።

የሽማግሌ ክኒን መቆራረጥ

ፊናስተራይድ በአምስት ሚሊ ግራም የፕሮስቴት መድኃኒት ነው። ለፀጉር የሚታዘዘው አንድ ሚሊ ግራም ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ ይህን ያውቁና አምስቱን በምላጭ ከአራት ቆርጠው ይውጣሉ። የሚያስፈራኝ ቆረጣው አይደለም። ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው መጀመራቸው ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎትና ብቃት ይቀንሳል፣ ስሜትም ይጨልማል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2025 እ.ኤ.አ. ራስን የማጥፋት ሐሳብን በጎንዮሽ ጉዳትነት አረጋግጧል። ስለዚህ የድብርት ታሪክ ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። በቅርቡ ልጅ ለመውለድ የሚያስብም እንደዚሁ፤ የዘር ፈሳሽ ጥራትን ሊቀንስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሚስት ወይም እህት የተሰበረውን ክኒን እንዳትነካ፤ የወንድ ፅንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ደም የምትለግስ ከሆነ ካቆምክ በኋላ አንድ ወር ቆይ። ሙሉ ሰው ላልሆነ፣ አሥራ ስምንት ላልሞላው ልጅ ጨርሶ አይሆንም።

ጂም ውስጥ መሸሹን የሚያፋጥን ቴስቶስትሮን እየተወጉ ፀጉሬ ሸሸ የሚሉትን ምን ልበላቸው?

ክሎቤታሶል የተባለውን የቆዳ ቅባት ግንባር ላይ አትቀባ። ቆዳህን ያሳሳል፣ ለሚሸሽ ፀጉርም አይደለም።

በሃያ አንድ ዓመት ኢስታንቡል መሄድ

አሁን ከአዲስ አበባም ከዱባይም ለንቅለ ፀጉር ቱርክ የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። ከማጅራት ተወስዶ ግንባር ላይ የተተከለው ፀጉር በአብዛኛው ይቆያል። ከኋላው ያለው የራስህ ፀጉር ግን መሸሹን ይቀጥላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተተከለ መስመር፣ ከኋላው ባዶ ሜዳ ይቀራል። ያን ለመሙላት ከማጅራት የሚወሰደው ደግሞ መጠኑ ውስን ነው። መሸሹ የት እንደሚቆም ሳይታወቅ ዝቅ ያለ የልጅ መስመር መትከል ያንን ክምችት መጨረስ ነው። የአባትህንም የእናትህንም ወገን አጎቶች ፎቶ ይዘህ ሂድ፤ «በእናት ወገን ካለው አያት ብቻ ነው የሚመጣው» የሚለው ትክክል አይደለም። ቀብድ ከመክፈልህ በፊትም ሐኪሙን የቀረው ፀጉርህ ቢሸሽ ምን እንዳሰበልህ ጠይቀው፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ ከሌለው ሌላ ሐኪም ፈልግ።