ሽያጩ ጨምሮ ትርፉ ሲቀንስ፦ የሻጮች ቦነስ የት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚስተካከል

አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት የሂሳብ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ሻጮች፣ አንድ ገንዘብ ተቀባይና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ አሏቸው። ሻጮቹን ለማበረታታት ከሽያጭ 2 በመቶ ቦነስ መክፈል ከጀመሩ አራት ወር ሆኗል። መደብሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጨናነቃል፤ የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ገንዘብ ይጠፋል። «ማን እየሰረቀኝ ነው?» ነበር ጥያቄያቸው። የሰረቃቸው ሰው አልነበረም። ገንዘቡን ያፈሰሰው የቦነሱ ስሌት ነው። ቁጥሮቹን ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግቼ ላሳያችሁ።

ምልክት፦ ሽያጭ ወደ ላይ፣ ትርፍ ወደ ታች

ከቦነሱ በፊት መደብሩ በወር 1,200,000 ብር ይሸጥ ነበር። የዕቃዎቹ መግዣ ዋጋ ሲቀነስ 180,000 ብር ጥቅል ትርፍ ይቀራል። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት 130,000 ብር ይወስዱና ለባለቤቱ 50,000 ብር ይተርፋል። ከቦነሱ በኋላ ሽያጩ 1,500,000 ብር ደረሰ። ጥቅል ትርፉ ግን እዚያው 180,000 ላይ ቆመ። 30,000 ብር ቦነስ ሲከፈል ለባለቤቱ የተረፈው 20,000 ብር ብቻ ሆነ።

ምክንያት

ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። የመጀመሪያው የዋጋ ቅናሽ ነው። በ850 ብር ተገዝቶ በ1,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ እንውሰድ። ደንበኛው ሲከራከር ሻጩ 50 ብር ቀነሰለት። መደብሩ ከ150 ብር ትርፉ ሲሶውን አጣ። የሻጩ ቦነስ ግን ከ20 ብር ወደ 19 ብር ነው የወረደው። ለእርሱ ቅናሹ አንድ ብር፣ ለመደብሩ 50 ብር ያስከፍላል። በእርሱ ቦታ ብንቆም ማናችንም ከደንበኛ ጋር ተከራክረን ጊዜ አናጠፋም።

ሁለተኛው የሚሸጠው ዕቃ ዓይነት ነው። ሲሚንቶ በብዙ ኩንታል ስለሚወጣ የሽያጩን ድምር ቶሎ ያሳብጠዋል፤ ትርፉ ግን ስስ ነው። ቀለምና የቧንቧ መገጣጠሚያ ማስረዳትና ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ የመደብሩ እንጀራ ግን እነርሱ ናቸው። ቦነሱ በሽያጭ ድምር ሲታሰብ ሻጩ ወደ ሲሚንቶው ያዘነብላል።

ይህ በእናንተም ዘንድ መኖሩን ለማወቅ የየወሩን ጥቅል ትርፍ ለየወሩ ሽያጭ አካፍሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ100 ብር ሽያጭ 15 ብር ይቀር የነበረው 12 ብር ሆኗል። ቁጥሩ ቦነሱ ከተጀመረበት ወር ጀምሮ ከወረደ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቦነሱ ነው።

መፍትሄ

ቦነሱን ከሽያጭ አንሥታችሁ በጥቅል ትርፍ ላይ አስቀምጡት፤ መነሻ መስመርም ይኑረው። ለእኚህ ሰው የመከርኩት ጥቅል ትርፉ 160,000 ብር ካለፈ ከበላዩ ካለው 15 በመቶ ለሠራተኞች እንዲከፈል ነው። እንደ ወትሮው 180,000 ብር በተገኘበት ወር ሠራተኞቹ 3,000 ብር ይካፈላሉ። 230,000 ብር ከደረሰ 10,500 ብር ያገኛሉ፤ ባለቤቱም ወጪያቸውንና ቦነሱን ከፍለው 89,500 ብር ይቀራቸዋል። መስመሩን ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ለሁለት ወር ባዶ እጁን የቀረ ሠራተኛ በሦስተኛው ወር ቦነሱን ከነመኖሩ ይረሳዋል።

ብዙ ነጋዴዎች የመግዣ ዋጋቸውን ለሻጭ መግለጥ አይፈልጉም፤ አልፈርድባቸውም። ለእነርሱ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ዕቃ የተቆረጠ ብር መመደብ ነው። ለምሳሌ ለአንድ ባልዲ ቀለም 20 ብር፣ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ 2 ብር። ለእያንዳንዱ ዕቃ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ተጽፎ ይሰጥ፤ ከዚያ በታች የተሸጠ ዕቃ ቦነስ አይታሰብለትም። ሻጩ ትርፋችሁን ሳያውቅ ለትርፋችሁ ይሠራል።

ስሌቱን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ቫት ነው። ደረሰኙ 1,150 ብር ቢል 150 ብሩ የመንግሥት ነው፤ ቦነስ የሚታሰበው ከ1,000 ብሩ ነው። ሁለተኛው የዋጋ ንረት ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተለዋወጠ፤ በድሮ ዋጋ የተገዛ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ በወረቀት ላይ ትልቅ ትርፍ ይታያል። ያ ትርፍ መደርደሪያውን መልሶ ለመሙላት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ትርፉን ስታሰሉ ዕቃው ዛሬ በሚገዛበት ዋጋ አስሉ፤ መስመሩንም በየሦስት ወሩ፣ አስቀድማችሁ ተናግራችሁ፣ ከልሱት።

ምልክት፦ ቦነሱ ተከፍሏል፣ ገንዘቡ ግን አልገባም

ሻጩ ለኮንትራክተር በዱቤ ይሰጣል፣ በወሩ መጨረሻ ቦነሱን ይወስዳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ለሦስት ወር ስልክ ይደውላሉ። መፍትሄው አጭር ነው፦ ሽያጩ ለቦነስ የሚቆጠረው ገንዘቡ ካዝና ወይም ባንክ በገባበት ወር ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ራሱ ዕዳ ሰብሳቢ ይሆናል።

ቦነስ ከተከፈለበት በኋላ የተመለሰ ዕቃ ካለ ከሚቀጥለው ወር ቦነስ ይቀነስ፤ ይህም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስፈር። ከደመወዝ ለመቁረጥ ግን አትሞክሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ ለይቶ ነው የሚያያቸው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ አሠሪው በገዛ ፈቃዱ ከደመወዝ መቁረጥንም አይፈቅድም። በሌላ በኩል ቦነሱ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ የሥራ ግብር ይከፈልበታል። በፖስታ እየሰጣችሁ ከደመወዝ መዝገብ ውጭ ካደረጋችሁት ኋላ በኦዲት ጊዜ ከነቅጣቱ ይመጣባችኋል።

ምልክት፦ ሻጮች በደንበኛ ይጣላሉ፣ ሌላው እጁን አጣጥፏል

ደንበኛ ገና በሩን ሳያልፍ ሁለት ሻጮች ይሻሙበታል፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ደግሞ ዕቃ አምጣ ሲባል ይዘገያል። ምክንያቱ ቦነሱ ለሻጭ ብቻ፣ ለየግሉ መከፈሉ ነው። ዕቃው በሰዓቱ ካልወጣና ሂሳቡ በትክክል ካልተያዘ ግን ሽያጩ አይፈጸምም። ከአምስት ሰው ለማይበልጥ መደብር የምመርጠው አንድ የጋራ ድስት ነው፦ ቦነሱ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ የሻጮቹ ድርሻ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል። «ሰነፉ በጎበዙ ላብ ይበላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን በአምስት ሰው መካከል ሰነፉ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እርሱን ማናገር የባለቤቱ ሥራ እንጂ የቀመር ሥራ አይደለም።

ምልክት፦ ሽያጭ በወሩ መጨረሻ ይጠፋና በመጀመሪያው ቀን ይጎርፋል

ይህ የሚታየው ቦነሱ «ይህን ከሞላችሁ 5,000 ብር፣ ካልሞላችሁ ምንም» ሲሆን ነው። እንደማይሞላ ያወቀ ሻጭ ደንበኛውን «ሰኞ ና» ይለዋል። ከመስመሩ በላይ ባለው እያንዳንዱ ብር ላይ መቶኛ ስትከፍሉ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል።

አዲሱን ስሌት ከማወጃችሁ በፊት ባለፉት ስድስት ወራት ደረሰኞች ላይ ሞክሩት፤ በየወሩ ስንት ትከፍሉ እንደነበርና ለእናንተ ስንት ይቀር እንደነበር ጻፉ። እኚህ ሰው ይህን ካደረጉ በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስበው የድሮው ቦነስ ለምን እንደሚቀር በቁጥር አስረዷቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደግሞ ከድሮውና ከአዲሱ ስሌት የሚበልጠውን ለመክፈል ቃል ገቡ። በእነዚያ ሁለት ወራት ወጪው ይጨምራል፤ ሆኖም አንድም ሻጭ ሥራውን አልለቀቀም።