በጭብጥ ትንተና ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ስገመግም በጣም የሚያናድደኝ የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች ስማቸውን ቀይረው «ጭብጥ» ሆነው መምጣታቸው ነው። ቤታቸው የወለዱ እናቶች «ጤና ጣቢያ ለምን አልሄዱም?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ የውጤቱ ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ጤና ጣቢያ ያለመሄድ ምክንያቶች» የሚል ጭብጥ ይመጣል፤ ከሥሩ መንገድ፣ ገንዘብ፣ ባህል። ይህ መልሶችን በየጥያቄያቸው መመደብ እንጂ ትንተና አይደለም። ርዕሱ እኮ ማንም መስክ ሳይወጣ በፊት ተጽፏል! የጭብጥ ትንተናን ስድስት ደረጃዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቨርጂኒያ ብራውን እና ቪክቶሪያ ክላርክም ያስጠነቀቁት ከዚሁ ነው። ጭብጥ ስለ መረጃው አንድ ነገር ይናገራል፤ ርዕስ ግን ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ለእያንዳንዱ ንግግር አጭር መለያ፣ ማለትም ኮድ፣ ሲሰጥ ነው። ለምሳሌ አንዷ እናት «መኪናው ደጃፍ ቆሟል፤ ባለቤቴ ግን ገበያ ነው፣ አማቴም ትንሽ እንጠብቅ አለች» ብትል ጀማሪው «ትራንስፖርት» ብሎ ያልፋል። ሌላዋ «ብሩ እጄ ላይ ነበር፣ እሱ ሳይመጣ ግን እንዴት ልነሳ?» ስትል «ገንዘብ» ይላል። ሁለቱ ሴቶች የተናገሩት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ እስከ መጨረሻው ሳይገናኙ ይቀራሉ። ኮዶቹ «መኪና እያለ ፈቃድ መጠበቅ» እና «ብር እያለ ባል መጠበቅ» ቢሆኑ ኖሮ ጎን ለጎን ይቀመጡና «የመነሳቱ ውሳኔ የወላዷ አይደለም» የሚል ጭብጥ ይወለድ ነበር። እባካችሁ፣ ባለ አንድ ቃል ኮድ አትስጡ።

ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠውን ቃለ መጠይቅ፣ ገና በመጀመሪያ ንባብ ኮድ ማድረግም ልማድ ሆኗል። መጀመሪያ ድምፁን እየሰማችሁ አንብቡ፤ የአማቷ ነገር ሲነሳ የእናቲቱ ድምፅ ዝቅ ማለቱ ወረቀቱ ላይ የለም።

ጭብጡን ስትፈትሹ የማይስማማውን ሰው አትጣሉ። ባሏ ሳይኖር በጎረቤት ቃሬዛ የሄደች አንዲት እናት ብትኖር ምን ለያት ብላችሁ ወደ ትራንስክሪፕቷ ተመለሱ። ምናልባት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ከባሏ ጋር ተነጋግረውበት ይሆናል። ያኔ ጭብጡ አይፈርስም፤ ፈቃዱ አስቀድሞም ሊሰጥ እንደሚችል ይጨመርበታል።

«ከ20 እናቶች 12ቱ» እያሉ መቁጠር ጭብጡን አያጠናክረውም።

ጭብጥ መሰየም ማለት ደግሞ ስም መለጠፍ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ፍቺውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ምን እንደሚገባበት፣ ምን እንደማይገባበት ጭምር። ከላይ ባለው ጭብጥ ውስጥ ምጥ ከጀመረ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚኬድ ማን እንደሚወስን ይገባል፤ የአዋላጅ ቁጣን መፍራት ግን ሌላ ጭብጥ ነው። «ይህ ጭብጥ ስለ መንገድ፣ ስለ ገንዘብ እና ስለ ባህል ነው» ከማለት በቀር ሌላ ፍቺ ካጣችሁለት፣ ወደ ኮዶቻችሁ ተመለሱ።