ሁለት መልስ ያለው የቃላት ፍቺ ጥያቄ

«የተሰመረበት ቃል በምንባቡ ውስጥ ያለው ፍቺ የቱ ነው?» የሚሉ ጥያቄዎችን ብዙ ጠግኛለሁ። የራሴንም፣ የሰውንም።

ተማሪው ምንባቡን ሳያነብ በትክክል ከመለሰ የጠየቃችሁት የቃሉን ሁሉም የሚያውቀውን ፍቺ ነው። ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ፈልጉ። አንዱን አማራጭ ማንም ካልነካው ደግሞ ቦታ መሙያ ነውና አውጡት። ለ«ቆረጠ» «ዘፈነ» የሚል አማራጭ የሚሰጥ መምህር አይቻለሁ። ከዚህስ ሦስት አማራጭ ብቻ ቢኖር ይሻላል።

እኔን ሁሌም የሚገጥመኝ ሌላ ነው፤ ጎበዞቹ ተማሪዎች ለሁለት ይከፈላሉ። ደካማው ቢሳሳት ያው ነው። ጎበዞቹ ሲከፈሉ ግን ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

አንዴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ። በማግስቱ ቆረጠ። ሻንጣውን አዘጋጅቶም እናቱን ተሰናበተ።» የተሰመረበት «ቆረጠ» ነው። አማራጮቹ፦ ሀ. ወሰነ፣ ለ. ትኬት ገዛ፣ ሐ. ተስፋ አጣ፣ መ. ጉዞውን አቋረጠ። ለእኔ መልሱ ሀ ነው። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሻንጣ አዘጋጅቷል እኮ፤ ትኬት ቆረጠ ማለት ነው» አለች። ምን ልበላት? ልክ ነበረች። ለሁለቱም መልስ ማርክ ሰጠሁ።

መንስኤው መልሱን አውቀን መጻፋችን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ የሚጥለውን ቃል በምንባቡ ላይ በጣታችሁ አሳዩ። «አይመስልም» ምክንያት አይሆንም። የእኔ ምንባብ ሐን እና መን ይጥላል፤ ተስፋ ያጣም ሆነ ጉዞ ያቋረጠ ሰው ሻንጣ ይዞ አይሰናበትም። ለን የሚጥል ቃል ግን አልነበረውም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ለን ያወጣና በቦታው የማይረባ አማራጭ ይተካል። አታድርጉት! «ትኬት ገዛ» የቃሉ እውነተኛ ፍቺ ስለሆነ ከሁሉም የተሻለ ማሳሳቻ ነው። የሚታረመው ምንባቡ ነው። እኔ መጨረሻው ላይ «ትኬቱን የገዛው ግን ከሳምንት በኋላ፣ ብር ተበድሮ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። በቃ፣ ለ ወደቀ።

ፍንጩን ከተሰመረበት ቃል አጠገብ አትለጥፉት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ይራቅ። «ቆረጠ፣ ማለትም ወሰነ» ዓይነት ፍንጭማ መልሱን መስጠት ነው። «ወሰነ» እና «ቁርጥ ሐሳብ አደረገ» አንድ ላይ አማራጭ አይሁኑ። ግሦቹም በአንድ መደብና ቁጥር ይሁኑ፤ ሦስቱ «እሱ» ሆነው አንዱ «እነሱ» ከሆነ ተማሪው ሳያነብ ይጥለዋል።

የታረመውን ለሌላ ክፍል ሰጠሁት። ለን የመረጡ አሁንም ነበሩ። የት ድረስ እንዳነበቡ ስጠይቃቸው የተሰመረበት ቃል ጋ ቆመዋል።