ለአውቶቡሱ ሰው የሻይ ግብዣ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አውቶቡስ ላይ ከማታውቂው ሰው አጠገብ ተቀመጥሽ እንበል። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ተከራከራችሁ፣ ተሳሳቃችሁ፣ ሊወርድ ሲል ስልክ ተለዋወጣችሁ። ማታ የምትጽፊለት መልእክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

«ሰላም! ታስታውሰኛለህ? ዛሬ አውቶቡስ ላይ የተዋወቅን ነን። ካስቸገርኩህ ይቅርታ፣ እንዲህ የምጽፍ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ፈገግታህ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ ካካካካ። ጊዜ ካለህ የሆነ ቀን ሻይ ብንጠጣ?»

የመጀመሪያው ጥፋት «ታስታውሰኛለህ?» ነው። ገና ከበሩ ሰውየውን ፈተና ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ካላስታወሰ ያፍራል፣ ካስታወሰ ደግሞ «አዎ» ብሎ ከማቆም ሌላ የሚለው የለውም። ማስታወስን ለእሱ አትተዪ፤ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር አስቀድሚ። እዚህ ያለሽ ሀብት መስኮቱ ነው። አንዱ ይበቃል፤ የጃኬቱን ቀለም፣ ይዞት የነበረውን መጽሐፍና የወረደበትን ፌርማታ ከደረደርሽለት ጨዋታው ቀርቶ ሲከታተሉት የዋሉ ይመስለዋል።

ይቅርታውን አውጪው። ያላጠፋሽውን ይቅርታ ስትጠይቂ እሱም ጥፋት መፈለግ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀልዱ ነው። «ካካካካ» ቀልድ አይደለም፤ ቀልድ ያልመጣለት ሰው የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው። የፈገግታው ሙገሳም እዚህ ቦታ አያስቅም። በአካል ቢሆን እየሳቅሽ ታለሳልሽው ነበር፤ በጽሑፍ ግን ድምፅሽ የለም፣ ቃሉ ብቻውን ሲነበብ ይከብዳል። ቀልዱን ከእሱ ላይ አንሺና በመካከላችሁ በነበረው ነገር ላይ አድርጊው። ክርክሩ ሳያልቅ ወርዷል፤ ክርክር ካለ ደግሞ ይግባኝ አለ። «ይግባኝ ብያለሁ» ብትይው ሁለት ቃል ነው፣ ደግሞ የሻዩን ምክንያት ይዞልሽ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሚ። ይግባኙ ዳኛ፣ ጠበቃና ምስክር ማብዛት ከጀመረ ለማሳቅ መልፋትሽ ይታወቃል። በሕግ ቀልድ ውስጥ ሻይን «የሻይ» ብለሽ እንዳትጽፊው ደግሞ፣ ጉቦ ጉቦ ይሸታል። (ሆን ብለሽ ካደረግሽው ግን ጥሩ ነው።)

ቀጥሎ «የሆነ ቀን»። የሆነ ቀን የሚባል ቀን የለም። «እሺ፣ እንደዋወላለን» ይልሻል፣ ማን መደወል እንዳለበት ሳይታወቅ ሳምንቱ ያልፋል። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስቀምጪ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚወስደውን ጊዜ ንገሪው። የሻይ ጥቅሙ እሱ ነው፤ እራት ሁለት ሰዓት ይበላል፣ ሻይ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ ጨዋታው ከጣመ ሁለተኛ ብርጭቆ ማዘዝ ይቻላል። ቦታው ሰው የሚበዛበትና ሁለታችሁም የምታውቁት ይሁን። እሱ የሚወርድበት ሰፈር ወይም አንቺ ቤት አጠገብ አይሁን፤ አንዱ እሱን ያሳቅቀዋል፣ ሌላው አድራሻሽን ገና ለማታውቂው ሰው ይሰጣል።

አንተና እርስዎ የሚምታታባቸውም አሉ። አውቶቡሱ ላይ «አንተ» ተባብላችሁ ከነበረ በጽሑፍ ወደ «እርስዎ» አትሽሺ፤ የቢሮ ደብዳቤ ይሆንብሻል። «እርስዎ» ተባብላችሁ ከነበረም በዚያው ጨርሺው፣ እየተሽኮረመሙ ማክበር የራሱ ለዛ አለው። የሚያስጠላው በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው።

መጨረሻ ላይ እምቢ የሚልበትን መንገድ ክፈቺለት። ፍቅረኛ ሊኖረው ይችላል፣ ወይም ዝም ብሎ አልፈለገም። ይህንንም በመስኮቱ ማለት ይቻላል። ሁሉም ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«የመስኮቱ ክርክር ሳያልቅ ወረድክ። ‹ይከፈት› ባይዋ ነኝ፣ ይግባኝ ብያለሁ። ሐሙስ 11 ሰዓት፣ ዋናው ፌርማታ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ትመጣለህ? ካልተመቸህም ግድ የለም፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይቀራል።»

በዚያው ምሽት ወይም በማግስቱ ላኪው፤ ሳምንት ካለፈ የመስኮቱ ነገር ራሱ ይረሳል። ከላክሽ በኋላ «አላየኸውም እንዴ?» የሚል ሁለተኛ መልእክት አይከተል። ሐሙስ እስኪደርስ መልስ ካልመጣ መልሱ መጥቷል፣ ሻይ ቤቱ ሄደሽ አትጠብቂው። «ሐሙስ አይመቸኝም፣ ቅዳሜስ?» ካለሽ ግን ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል።