ከተከፈተ ጣሳ የተረፈውን ምግብ እንዴት እናስቀምጥ?

ምግብ ሲሠራ ግማሽ ጣሳ የቲማቲም ድልህ ተረፈ እንበል። ጣሳውን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ብናስቀምጠው ችግር አለው? አንድ ሌሊት ቢያድር መርዝ አይሆንም፤ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጡ ግን ሁልጊዜም ይሻላል፣ በተለይ ምግቡ ኮምጣጣ ከሆነ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በጣሳው ማስቀመጥ ጉዳት የለውም፣ ለጣዕሙ ሲባል ግን ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይመረጣል ይላል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ደግሞ የተረፈውን በጣሳው አታስቀምጡ፣ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት ብሎ ይመክራል። ሁለቱ የተለያዩት ጥንቃቄውን ምን ያህል እናጥብቀው በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምግብ ጣሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቲን የሚባል ብረት በስሱ ከተቀባ ከጠንካራ ብረት ነው። ብዙ ጣሳዎች በውስጥ በኩል ነጭ ወይም ወርቃማ ሽፋን ተጨምሮባቸዋል። ጣሳው እንደታሸገ እያለ ውስጡ ያለው አየር በጣም ትንሽ ስለሆነ የምግቡ አሲድ ቲኑን የሚበላው በዝግታ ነው። ሲከፈት ግን ኦክስጅን ይገባና ቲኑ ቶሎ ቶሎ ወደ ምግቡ መሟሟት ይጀምራል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች አውጪ ለታሸገ ምግብ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 250 ሚሊግራም ቲን ነው። መጠኑ ከዚህ ብዙ ካለፈ ሆድ ይረብሻል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጣሳውን ውስጥ እንይ። ሽፋን ካለው ብረቱ ከምግቡ ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ በማንኪያ የተፋቀበት ቦታ ግን ገላጣ ነው። ሽፋን የሌለው፣ ብርማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ (አናናስ ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ይታሸጋል) ለአንድ ሌሊትም ባናሳድርበት ይሻላል። በገበያ የሚሸጠው የጣሳ ፕላስቲክ ክዳን ምግቡ እንዳይደርቅና የፍሪጅ ሽታ እንዳይገባው ይረዳል እንጂ ቲኑን አያግደውም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገንን ያህል ድልህ በንጹሕና ደረቅ ማንኪያ እናውጣ። የተላሰ ማንኪያ ተመልሶ አይገባም፤ ሻጋታውንና ባክቴሪያውን የምንጨምረው እኛው ነንና። የቀረውን ክዳኑ በደንብ ወደሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ እንገልብጠው። ይህን ማድረግ ያለብን ጣሳው በተከፈተ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ጣሳ ያልተከፈተ ጊዜ ያለ ፍሪጅ ለዓመታት የሚቆየው በፋብሪካ በሙቀት ተቀቅሎ አየር እንዳይገባው ስለታሸገ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን ቤት እንደተሠራ ወጥ ይበላሻል።

ዕቃው ላይ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፈን እንለጥፍና 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው። በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃልና። ቲማቲምና ፍራፍሬን የመሰሉ ኮምጣጣ ምግቦች ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያሉ፤ ባቄላ፣ በቆሎ፣ ሥጋና ዓሣ ግን ከ3 እስከ 4 ቀን ብቻ። ድልህ በሳምንት የማያልቅ ከሆነ በበረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ አንድ አንድ ማንኪያ እየጨለፍን ፍሪዘር ውስጥ እናስገባው። ሲጠነክር ወደ ከረጢት ይገባል፣ ለወጥም አንድ አንዱን እያወጡ መጠቀም ይቻላል።

ቀድሞውኑ በጣሳው አድሮ ብናገኘውስ? ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ ያደረ፣ ጣሳውም ሽፋን ያለው ከሆነ ገልብጠን እንጠቀምበት። የጣሳው ውስጥ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከታየ፣ ወይም ምግቡ ብረት ብረት ካለ ይጣል። ከፍሪጅ ውጭ ያደረ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ባቄላ ሳይቀመስ ይጣላል። ያበጠ ወይም ሲከፈት የፈነጠቀ ጣሳም እንዲሁ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላልና።

ቱና ለብቻው መጠንቀቅን ይፈልጋል። ከተከፈተ በኋላ ሞቅ ያለ ቦታ ከቆየ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያመርትበታል፤ ይህም ፊት ያቀላል፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ያመጣል። ሂስታሚን በማሞቅ አይጠፋም፣ ስለዚህ ጠዋት ውጭ ያደረውን ቱና ጠብሶ መብላት አያድነውም። ምላስ ላይ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ቱና ካጋጠመ የገባው ጉርሻ ይተፋል፣ የቀረውም ይደፋል።