የቀለበት የውሃ መስመርን በእጅ ሲያመጣጥኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድበት መስመር እያንዳንዱ ቧንቧ ስንት ሊትር እንደሚያሳልፍ ለማወቅ መደመርና መቀነስ ይበቃል። መስመሩ ዞሮ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ግን ውሃው በሁለት በኩል መድረስ ስለሚችል፣ በየትኛው በኩል ስንቱ እንደሚሄድ የሚወስነው በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ነው። ይህን በእጅ መፍታት የተቻለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ሃርዲ ክሮስ በ1936 ባሳተመው ዘዴ ነው። መጀመሪያ ፍሰቱ ይገመታል፤ ቀጥሎ በቀለበቱ ዙሪያ የሚጠፋው ግፊት ተደምሮ ከዜሮ ምን ያህል እንደራቀ ይታያል፤ በዚያው ልክ ፍሰቱ ይታረማል፤ ከዚያ እንደገና ይሰላል።

ስህተቶቹን በአንድ ምሳሌ ላይ እንያቸው። የአንዲት ትንሽ ከተማ መስመር ስድስት መገናኛዎች አሉት። በላይኛው ረድፍ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ በታችኛው መ፣ ሠ እና ረ ይገኛሉ። ከማጠራቀሚያው የሚመጣው 24 ሊትር በሰከንድ በሀ ይገባል። ለ 4፣ ሐ 5፣ መ 3፣ ሠ 6፣ ረ 6 ሊትር ይወስዳሉ። አግድም የተዘረጉት ቧንቧዎች 400 ሜትር፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት 300 ሜትር ናቸው። ከሀ የሚነሱት ሁለቱ የውስጥ ስፋታቸው 150 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀሩት 100 ናቸው። የመጀመሪያው ቀለበት ሀ-ለ-ሠ-መ፣ ሁለተኛው ለ-ሐ-ረ-ሠ ነው፤ ለ-ሠ የሁለቱም ነው። የጠፋውን ግፊት በሄዘን-ዊሊያምስ ቀመር፣ የልስላሴ ቁጥሩን 130 አድርጌ አስልቻለሁ።

```
h  = K · Q^1.852
ΔQ = −Σh / (1.852 · Σ|h/Q|)
```

h የጠፋው ግፊት በሜትር፣ Q ፍሰቱ በሊትር በሰከንድ፣ ΔQ የፍሰቱ እርማት ነው፤ K ደግሞ ከቧንቧው ርዝመት፣ ስፋትና ልስላሴ የሚወጣ ቁጥር ነው። ለሊትር የተሰላው K ለ400 ሜትር ባለ 150 ቧንቧ 0.01485፣ ለ400 ሜትር ባለ 100 ቧንቧ ደግሞ 0.10696 ይሆናል።

መገናኛው ላይ ሳይታረቅ መጀመር

የመጀመሪያው ግምት ትክክለኛ መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ መገናኛ የሚገባው ከሚወጣውና እዚያው ከሚቀዳው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን ሀ-ለ 14፣ ሀ-መ 10፣ ለ-ሐ 6፣ ለ-ሠ 4፣ መ-ሠ 7፣ ሠ-ረ 5፣ ሐ-ረ 1 ብለን ብንጀምር ሁሉም መገናኛ ይታረቃል። ሠ ላይ ለምሳሌ 4 እና 7 ገብተው፣ 6 ተቀድቶ፣ 5 ያልፋል።

አንድ ሰው ሠ-ረን በስህተት 5.5 ብሎ ቢጀምር ግን ከየትም ያልመጣ ግማሽ ሊትር ሠ ላይ ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ ግማሽ ሊትር በእርማት አይጠፋም። እርማቱ ቀለበቱን ስለሚዞር ወደ አንድ መገናኛ የሚያስገባውን ያህል ከዚያው መገናኛ ያስወጣል፤ የመገናኛውን ሂሳብ አይነካም። ቀለበቱ አሥር ጊዜ ቢታረም በመጨረሻ ዜሮ ይሆናል፣ ስህተቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በፊት መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ይደምሩ። እኔ ይህን ከማንኛውም ሌላ ምርመራ አስቀድማለሁ፤ ቀለበቱ በመዘጋቱ ብቻ የሚታመን ሠንጠረዥ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ያልታሰበ ቧንቧ ያስቀብራል።

ምልክትን ከታች ማስገባት

በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚፈሰውን አዎንታዊ፣ በተቃራኒው የሚፈሰውን አሉታዊ እንበል። በመጀመሪያው ቀለበት ሀ-ለ +1.97፣ ለ-ሠ +1.05፣ መ-ሠ −3.93፣ ሀ-መ −0.79 ይሰጣሉ፤ ድምሩ −1.71 ሜትር ነው። በቀመሩ ከማካፈያው መስመር በላይ ያለው ድምር ምልክቱን ይይዛል። ከታች ያለው h/Q ግን ሁልጊዜ አዎንታዊ ሆኖ ነው የሚደመረው፤ እዚህ 1.04 ይሆናል። በዚህ መሠረት እርማቱ +0.88 ሊትር ነው።

ከታች ያለውንም በምልክቱ የሚደምር ሰው 1.04 በማግኘት ፈንታ −0.24 ያገኛል። እርማቱም −3.86 ይሆንበታል። መጠኑ ከአራት እጥፍ በላይ፣ አቅጣጫው ደግሞ ግልብጥ ነው። ስህተቱ ቶሎ ይታያል፤ በሚቀጥለው ዙር የቀለበቱ ድምር ከመቀነስ ይልቅ ካደገ መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ።

በዚህ አጋጣሚ፣ ከታች ያለውን 1.852 በ2 መተካት ብዙዎችን ያስጨንቃል። አያስጨንቅ። እርማቱ ትንሽ ያንሳል፣ አንድ ዙር ሊጨመር ይችላል፣ መልሱ ግን አይለወጥም።

የጋራውን ቧንቧ አንዴ ብቻ ማረም

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁለተኛው ቀለበት ድምሩ −0.12፣ እርማቱ +0.05 ነው። አሁን ለ-ሠ ላይ ምን እናድርግ? በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ከለ ወደ ሠ መውረድ የሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ስለሆነ 0.88 ይጨመርለታል። በሁለተኛው ቀለበት ግን ያው ፍሰት በተቃራኒው የሚሄድ ስለሆነ 0.05 ይቀነስለታል። ስለዚህ 4 + 0.88 − 0.05 = 4.83 ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው የሁለተኛውን ቀለበት እርማት ረስቶ 4.88 ማለት ነው። ሁለተኛው ሁለቱንም ደምሮ 4.93 ማለት ነው። ሁለቱም መገናኛ ለ ላይ ይጋለጣሉ። ከሀ 14.88 ገብቶ 4 ሲቀዳ 10.88 ይተርፋል፤ ለ-ሐ 6.05 ከወሰደ ለ-ሠ 4.83 ብቻ ነው ሊያገኝ የሚችለው። በየዙሩ መጨረሻ የጋራው ቧንቧ ያለባቸውን ሁለት መገናኛዎች ብቻ መደመር ይበቃል። ሠንጠረዡ ውስጥ የጋራው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ይጻፋልና በሁለቱም ቦታ መጠኑ አንድ፣ ምልክቱ ተቃራኒ መሆኑን ያረጋግጡ።

አንዱ ቀለበት ሲዘጋ መተው

በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛው ቀለበት −0.12 ብቻ ስለነበር "ይህ ደርሷል፣ የቀረው የመጀመሪያው ነው" ብሎ ማለፍ ያጓጓል። ከእርማቱ በኋላ የሆነውን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ቀለበት ከ−1.71 ወደ −0.04 ሲወርድ ሁለተኛው ወደ −0.46 ተበላሸ። ምክንያቱ ለ-ሠ ነው፤ የመጀመሪያውን ለማስታረቅ የጨመርንበት ውሃ ሁለተኛውን ገፋው። በሦስተኛው ስሌት ደግሞ ሁለተኛው ወደ −0.02 ሲመለስ የመጀመሪያው −0.11 ሆነ። የሚያቆሙት ሁሉም ቀለበቶች በአንድ ዙር ውስጥ አብረው እርስዎ ካስቀመጡት ወሰን በታች ሲሆኑ ብቻ ነው።

ከሦስት እርማት በኋላ ያለው እንዲህ ነው፦

| ቧንቧ | መነሻ ግምት | መጨረሻ | የጠፋ ግፊት (ሜ) |
|---|---|---|---|
| ሀ-ለ | 14 | 14.96 | 2.23 |
| ሀ-መ | 10 | 9.04 | 0.66 |
| ለ-ሠ | 4 | 4.71 | 1.41 |
| መ-ሠ | 7 | 6.04 | 2.99 |
| ለ-ሐ | 6 | 6.25 | 3.19 |
| ሐ-ረ | 1 | 1.25 | 0.12 |
| ሠ-ረ | 5 | 4.75 | 1.92 |

የመጨረሻው ማረጋገጫ ከሀ እስከ ረ በተለያየ መንገድ መሄድ ነው። በለ እና በሐ በኩል 5.53፣ በመ እና በሠ በኩል 5.56 ሜትር ይጠፋል። በመነሻው ግምት ግን አንዱ መንገድ 5.00፣ ሌላው 6.83 ይል ነበር። ለትንሽ ከተማ የሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት በቂ ነው።

የመሬቱን ከፍታ ቀለበቱ ውስጥ መክተት

ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለሆነች ከፍታ ልዩነቱን በ h ላይ የሚደምሩ አሉ። ቀለበት ተዞሮ ሲመለሱ የወጡትን ያህል ስለሚወርዱ ከፍታ በቀለበቱ ድምር ውስጥ ቦታ የለውም። የሚገባው በኋላ፣ የየመገናኛው ግፊት ሲወጣ ነው። በሀ የግፊቱ መስመር 1830 ሜትር ላይ ቢሆንና ረ ያለበት መሬት 1805 ሜትር ቢሆን፣ 5.6 ተቀንሶ ረ ላይ የሚቀረው 19.4 ሜትር፣ ማለትም ወደ 1.9 ባር ነው።

ቀለበቱ የማያጋልጣቸው ስህተቶች

ከላይ ያሉት ሁሉ በመደመር ይያዛሉ። የሚቀጥሉት አይያዙም፤ ቀለበቱ በተሰጠው ቁጥር ላይ በትክክል ይዘጋል።

የመጀመሪያው የፕላስቲክ ቧንቧ ስፋት ነው። 110 ተብሎ የሚሸጠው የኤችዲፒኢ ቧንቧ 110 የሚለው የውጭ ስፋቱ ነው። የግድግዳው ውፍረት 6.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ የውስጡ 96.8 ብቻ ይቀራል። ስፋት በቀመሩ ውስጥ በ4.87 ኃይል ስለሚገባ ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት የሚጠፋውን ግፊት ከገመቱት 1.86 እጥፍ ያደርገዋል። ሁሉም ቧንቧ በአንድ መጠን ከተሳሳተ የፍሰቱ ክፍፍል ጨርሶ አይለወጥም፤ ሠንጠረዡ ፍጹም ይመስላል፣ ረ ላይ ያለው ግፊት ግን ሐሰት ነው።

ሁለተኛው በቀኑ አማካይ ፍላጎት መሥራት ነው። ጠዋት ሁሉም ሲከፍት የሚፈሰው ከአማካዩ ብዙ ይበልጣል፤ ፍሰቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጠፋው ግፊት ወደ 3.6 እጥፍ ይሄዳል። በአማካዩ በቂ የነበረ ግፊት በዚያ ሰዓት ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛው ክፍት ተብሎ የታሰበ ቫልቭ ነው። ለ-ሠ ላይ ያለው ተዘግቶ ከሆነ ሁለት ቀለበት የለም፤ አንድ ትልቅ ቀለበት ብቻ ነው ያለው፣ ስሌቱም ከመጀመሪያው ይሠራል። ይህን የሚለየው በሜዳ የሚወሰድ ልኬት ነው። ብዙ ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ለ እና ሠ ላይ የግፊት መለኪያ ያስሩ፤ የመሬቱን ከፍታ ልዩነት አስታርቀው ሲያዩ በሁለቱ መካከል የጠፋው ከ1.41 ሜትር እጅግ የራቀ ከሆነ በሠንጠረዡ ላይ አይድከሙ፣ ቫልቩን ሄደው ያዙሩ። ልዩነቱ በሁሉም መገናኛ ተመሳሳይ በሆነ መጠን ከፍ ካለ ደግሞ የቧንቧውን የውስጥ ስፋትና እርጅና ይጠርጥሩ።

እነዚህ ሦስቱ EPANET በተባለው የውሃ መስመር ማስያ ፕሮግራም ላይም እንዳሉ ይገባሉ፤ ፕሮግራሙ ቀለበቱን በሰከንድ ያስታርቃል እንጂ የተሰጠውን ስፋት አይጠይቅም።

ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅባቸው የአገራችን ከተሞች ደግሞ የዘዴው መሠረት ራሱ ይናወጣል። ስሌቱ ረ ላይ 6 ሊትር ይቀዳል ብሎ ይነሳል። ፈረቃው ሲደርስ ግን ቧንቧው ባዶ ነው፣ እያንዳንዱ ቤት ሮቶውን ለመሙላት ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፤ የሚቀዳው በግፊቱ ይወሰናል እንጂ በነፍስ ወከፍ አይታወቅም። ለማጠራቀሚያው የቀረበው ሠፈር ከ6 በላይ ይወስዳል፣ ዳር ያለው ምንም ላይደርሰው ይችላል። እንዲህ ላለ ከተማ የእጅ ስሌቱን መስመሩ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ሲሠራ የሚፈለገውን የቧንቧ ስፋት ለመወሰን ይጠቀሙበት። የፈረቃውን ቀን ግፊት ለመተንበይ ግን ፍላጎትን ከግፊት ጋር የሚያያይዝ ስሌት ያስፈልጋል፤ EPANET ከ2.2 ጀምሮ ይህን ይዟል።