ቀሚሱን በፎቶ ስታዩ መጀመሪያ ጥለቱን ተከተሉ

የምኖረውም የምሠራውም ለገጣፎ ነው። ከታክሲ መውረጃው ብዙም ሳይርቅ አንዲት የስፌት ክፍል አለችኝ። ከእኛ ሰፈር ሽሮ ሜዳ ለመድረስ ታክሲ ቀያይሮ መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ የሐበሻ ቀሚስ ከተማ ያሰፋ ሰው በየልኬቱ አይመላለስም። ሰፊው "አልቋል፣ እዩት" ብሎ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል። ሰዎቹ ስልኩን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፤ "ያምራል?" ይሉኛል።

ነጭ ቀሚስ ፎቶ ላይ ሁሌም ያምራል። እኔ የማየው ጥለቱን ነው። ሸማኔው ጥለቱን ክር በክር ሲያስገባ ቀጥ አድርጎ ነው። ቀሚሱ ሰው ላይ ወጥቶ ጥለቱ ከጎበጠ፣ ካዘነበለ ወይም ባንድ በኩል ከተነሳ፣ ጥፋቱ ከስፌቱ ወይም ከልኬቱ ነው። አበባ ያለበት ጨርቅ እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃል። የሐበሻ ቀሚስ ግን ማስመሪያው አብሮት ተሸምኗል፤ ለሚያውቅበት ሰው ምንም አይደብቅም።

ከዚያ በፊት ግን ፎቶው ራሱ ትክክል መሆን አለበት። ስልኩን ዓይናቸው አካባቢ ይዘው ወደ ታች የሚያነሱ ሰዎች አሉ። እንደዚያ ሲሆን ትከሻ ይሰፋል፣ እግር ያጥራል፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሳለ የጎበጠ ይመስላል። ስልኩ በለባሿ ወገብ ቁመት ይያዝ። አንሺው ሦስት ሜትር ያህል ይራቅ። ቀርቦ ማንሳት ከሩቅ አንስቶ በኋላ ከመቁረጥ የባሰ ነው። ከኋላዋ የበር መቃን ወይም ከእግሯ ሥር የሴራሚክ መስመር ቢኖር ግሩም ነው፤ መቃኑ ፎቶው ላይ ዘሞ ከታየ የዘመመው ስልኩ ነው፣ ቀሚሱን አትክሰሱ። ፎቶው ሲላክ ደግሞ እንደ ፋይል ይላክ። በተራው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው ቀጫጭኑ የጥለት መስመር ይደበዝዛል።

ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የፊት፣ የጎን፣ የኋላ። አንድ ብቻ ቢፈቀድልኝ የጎኑን እመርጣለሁ። ሰፊዎች የማይልኩትም እሱን ነው።

አሁን አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት የሰፈሬ ልጅ ለወንድሟ መልስ ለእናቷ ቀሚስ አሰፋችላቸው። እናትየው ሰፊው ቤት ለብሰውት የተነሱትን ፎቶ አሳየችኝ። "እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ የሆነ ነገር ደስ አላለኝም" አለች። ቀሚሱ የፈትል ነው፤ ወገቡ ላይ ስፌት አለው፤ ከታች አንድ ስንዝር የሚሆን ወይን ጠጅና ወርቅማ ጥለት ዞሮታል። ፊት ለፊት ደግሞ ከአንገት እስከ ታች የሚወርድ ጥለት አለው።

መጀመሪያ የመሃሉን ጥለት ተከተልኩ። ከአንገት ተነስቶ እስከ ደረት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሆድ ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ይገፋና ከዚያ በታች ከእግር ርቆ ይንጠለጠላል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዘነበለም፤ ስለዚህ ትከሻው እኩል ተሰፍቷል ማለት ነው። አንዱ ትከሻ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ጥለቱ ወደ ዝቅተኛው ትከሻ በኩል ያጋድል ነበር።

ቀጥሎ የታችኛውን ጥለት ከሴራሚኩ መስመር ጋር አስተያየሁት። ከጎንና ከጎን መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ፊት ለፊት ግን ተነስቷል። ልጅቷ ሰፊውን ስትጠይቀው "የፎቶው ነው" ብሏት ነበር። የፎቶ ይሁን አይሁን የሚለየው የጎኑ ፎቶ ስለሆነ አስላክናት። የጎን ስፌቱ ከብብት እስከ ወገብ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከወገብ በታች ወደ ፊት ይሄዳል። ስልክ እንዲህ አያደርግም። ደረትና ሆድ ከፊት ያለውን ቁመት በልተውታል፤ ሰፊው ደግሞ የፊቱንና የኋላውን ቁመት እኩል ቆርጦታል።

የሐበሻ ቀሚስ ከሌላው ልብስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተራ ጨርቅ ቢሆን የረዘመውን ከታች ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል። እዚህ ግን ታች ያለው ጥለት ነው። ጥለት አይቆረጥም፣ አይጎብጥምም። ከኋላ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፈው የሚሰፉ አሉ፤ ያኔ ፊት ለፊት አንድ ስንዝር የነበረው ጥለት ኋላ ሲደርስ ይቀጥናል፣ ጎን ላይ መስመሮቹ አይገጥሙም። ስለዚህ ማስተካከያው ያለው ወገብ ላይ ነው። የወገቡ ስፌት ይፈታና ከፊት ውስጥ የተተወ ጨርቅ ካለ ይለቀቃል፤ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል። የእሳቸው ቀሚስ የሚፈልገው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከፊት 1 ሴንቲ ተኩል ተለቀቀ፣ ከኋላ 1 ሴንቲ ተኩል ተነሳ፣ ጎኑ ጋ ሲደርስ ሁለቱም ወደ ዜሮ መጡ። የወገብ ስፌት የሌለው ወጥ ቀሚስ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር። ጥለቱ ለብቻው ተሰፍቶ የተቀጠለ ከሆነ ፈትቶ እንደገና መግጠም ነው፤ አብሮ የተሸመነ ከሆነ ግን መፍትሔው አዲስ ልኬት ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስታዩ ወገቡ ላይ ስፌት መኖሩንም እዩ።

ስለ ሽብሽቡም ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሱ ነው። አራት ማዕዘን እየሠራ የሚሄድ ስለታም እጥፋት ፌስታል ውስጥ ታጥፎ የቆየ ልብስ መልክ ነው፤ ካውያ ይፈታዋል። የሚያሳስበው ወደ አንድ ቦታ የሚጠቁም ሽብሽብ ነው። ከደረት ተነስቶ ወደ ብብት የሚሮጥ ከሆነ ደረቱ ጠቧል። ሆድ ላይ አግድም ከተዘረጋ ወገቡ ይዟል። ከላይ ወደ ታች ለስለስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ሰፍቷል፤ ይህ ለፈትል ቀሚስ አይከፋም። ፈትል ጥጥ ስለሆነ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ሰብሰብ ይላል። ፎቶ ላይ ገጥሞ የታየ የፈትል ቀሚስ ለፋሲካ ይሆንና ለመስቀል ያንቃል።

ነጠላው ላይ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ ጥለቱ የት ነው? ለደስታ ከሆነ ጥለቱ ከታች ይውላል። ወደ ላይ ተዘቅዝቆ አንገትና ትከሻ ላይ ከመጣ የሐዘን አለባበስ ነው፤ ለሠርግ ፎቶ እንዲህ ተለብሶ ስላየሁ ነው የምለው። ሁለተኛ፣ በራስ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ግራና ቀኙን ሊገለብጠው ይችላል። በየትኛው ትከሻ እንደተጣለ በዚያ አትፍረዱ።

ቀለሙን ወደ መጨረሻ የማስቀረው ፎቶ በጣም የሚዋሸው በቀለም ስለሆነ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ነጭ ክሬም ይሆናል። ነጩ አምፖል ደግሞ ወይን ጠጁን ሊለውጠው ይችላል። ፍላሽ ከበራ ወርቅማው ክር አብርቆ ነጭ ይመስላል። የምመክረው ይህን ነው፦ በቀን፣ ከደጅ፣ በጥላ ሥር ይነሳ፤ አጠገቧ አንድ ነጭ ወረቀት ይያዝ። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ነጭ ካልሆነ ሌላውንም ቀለም አትመኑ።

ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነጭን ከነጭ ይለያል። የፈትል ነጭ ሞቅ ያለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። የሳባ ነጭ የሚያበራና ቀዝቀዝ ያለ ነው። አወዳደቃቸውም ይለያል፤ ፈትሉ ወፈር ያለ እጥፋት ይሠራል፣ ሳባው አካል ላይ ልጥፍ ብሎ ይፈስሳል። የፈትል ቀሚስ ላይ የሳባ ነጠላ ሲጣል ቀሚሱ ያልታጠበ ይመስላል። እኚህ እናት ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ልጅቷ የቀሚሱ ነጭነት ቅር ብሏት ነበር፤ ችግሩ ግን ከተማ የተገዛው ነጠላ ነው። ሣጥን ውስጥ ያላቸውን የድሮ የፈትል ነጠላ አውጥተው ሲደርቡት ቀሚሱ ነጭ ሆነ።

የቀረው ሻሹ ነበር። የሻሽ ቀለም ሲመረጥ ጥለቱ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘውን ቀለም የሚወስዱ አሉ። እኔ ከጥለቱ ጠቆር ያለውን እመርጣለሁ። ሻሹ ከፊት ጋር ስለሚገናኝ፣ ደማቅ ከሆነ ዓይን ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለማረጋገጥ ፎቶውን ስልኩ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። መጀመሪያ ያያችሁት ፊቷን ከሆነ ቀለሙ ልክ ነው፤ ሻሹን ከሆነ በዝቷል። እሳቸው ያሰሩት ወርቅማ ነበር፤ በወይን ጠጁ ተቀየረ።

አስተሳሰሩን ለማየት ከፊትና ከጎን የተነሳ ያስፈልጋል። ከፊት የሻሹ ጠርዝ ግንባር ላይ እኩል ያርፍ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ ያለው ከፍታ አንድ ይሁን። ጠርዙ ሥር ቆዳው ከተሰበሰበ ጠብቋል፤ መልስ ከማለቁ በፊት ራስ ያሳምማል። ከጎን ደግሞ ቋጠሮው ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጡን እዩ። ከፍ ካለ ሻሹ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጨርቁ ሽፎን ከሆነ በዚያ ላይ ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ መታሰር አለበት። አናቱ ላይ እብጥ እብጥ ብሎ ከታየ ደግሞ ሹሩባው ነው፣ ሻሹን አትፍቱት።

እናትየውን ሻሹን ካሰሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድጋሚ እንድታነሳቸው ነገርኳት። ገና እንደታሰረ የተነሳ ፎቶ ሁሌም ልክ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ የታችኛው ጥለት ከሴራሚኩ መስመር ጋር ገጥሟል፤ የሻሹ ጠርዝ ግን በግራ ጆሮ በኩል አንድ ጣት ወደ ላይ ሸሽቷል። ከሥር የጥጥ ጨርቁን አድርገው ቋጠሮውን ዝቅ እንዲያደርጉት መልሼ ጻፍኩላት።